የኢሜይል ዘመቻን በየትኛው ቁጥር እንመዝን?

የዲጂታል አናሊቲክስ ተማሪዎች ሁሉ አንድ ቀን የሚደርሳቸው የቤት ሥራ አለ። አንድ ድርጅት በድረ ገጹ ላይ ጽሑፎች ያወጣል፣ ለደንበኞቹም ኢሜይል ይልካል። ተማሪው የዚህን ዘመቻ ውጤት የሚያሳዩ ቁልፍ አመልካቾች፣ በተለምዶ ኬፒአይ የሚባሉትን፣ እንዲመርጥና ምክንያቱን እንዲያስረዳ ይጠየቃል። ብዙዎቹ ዳሽቦርዱን ከፍተው ያዩትን ሁሉ ይገለብጣሉ፦ ስንት ሰው ከፈተ፣ ስንት ሰው ሊንኩን ነካ፣ ገጹ ስንት ጊዜ ታየ፣ አንባቢው ስንት ደቂቃ ቆየ፣ ስንት ሰው ሼር አደረገ። አሥራ ሁለት መስመር ያለው ሠንጠረዥ ሞልተው ያስረክባሉ። ሠንጠረዡ ያምራል። ነገር ግን የተጠየቁት እንዲመርጡ ነው፤ አሥራ ሁለቱንም የያዘ ሰው ደግሞ ገና አልመረጠም።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። ድርጅቱም ሆነ ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያህል የተፈጠሩ ናቸው። ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ፣ የተቆላ የኢትዮጵያ ቡና በኢንተርኔት የሚሸጥ ትንሽ ቤት አለ እንበል። ስለ ቡና አፈላልና ስለ ቡና አብቃይ አካባቢዎች ጽሑፍ ያወጣል። ጽሑፉን ወዶ አድራሻውን ለተወ ሰው በየሳምንቱ ኢሜይል ይልካል። 8,000 ተመዝጋቢ አለው።

አመልካች የሚመረጠው ከመጨረሻው ተነስቶ ወደ ኋላ በመሄድ ነው። ባለቤቱ የሚፈልገው ቡናው እንዲሸጥ ነው። ለመሸጥ ሰው ከኢሜይሉ ወደ መደብሩ መምጣት አለበት፤ ኢሜይል እንዲደርሰው መመዝገብ አለበት፤ ለመመዝገብ ደግሞ የሆነ ጽሑፍ ስቦ ሊያመጣው ይገባል። እዚህ ላይ ጽሑፉና ኢሜይሉ የተለያየ ሥራ እንዳላቸው ይታያል። ጽሑፉ ተመዝጋቢ ያመጣል፣ ኢሜይሉ ገዢ ያመጣል። ሁለቱን በአንድ ቁጥር መለካት የቤት ሥራውን ከሚያበላሹት ነገሮች የመጀመሪያው ነው።

ሁለተኛው ከፋች መቁጠር ነው። «ኢሜይሉን 50 በመቶው ከፍቶታል» የሚለው አኀዝ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ይጠቅማል። ላኪው በመልእክቱ ውስጥ ለዓይን የማትታይ፣ አንድ ፒክሰል የምታህል ምስል ይደብቃል። ተቀባዩ መልእክቱን ሲከፍት ስልኩ ምስሏን ከላኪው ሰርቨር ይጠይቃል፤ ሰርቨሩም «ተከፈተ» ብሎ ይመዘግባል። አፕል እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2021 ከአይኦኤስ 15 ጋር ያወጣው የኢሜይል ግላዊነት መጠበቂያ ግን ይህን አሠራር አናጋው። መጠበቂያውን ያበራ ሰው መልእክት ሲደርሰው ምስሎቹን ቀድሞ የሚያወርደው የአፕል ሰርቨር ነው፤ ሰውየው መልእክቱን ከነጭራሹ ባያየውም ማለት ነው። የጂሜይል አድራሻ ያለው ሰው እንኳ ኢሜይሉን በአፕል መተግበሪያ ካነበበ እዚያው ውስጥ ይገባል። ስለዚህ የከፋች ቁጥር ከፍ ሲል አርዕስቱ ስቦ ይሁን አይፎን ያላቸው ተመዝጋቢዎች በዝተው መለየት አይቻልም። እኔ ብሆን ይህን ቁጥር ከአመልካቾቹ ተርታ አወጣዋለሁ፤ ኢሜይሉ ጭራሽ መድረስ ካቆመ ግን በድንገት ስለሚያሽቆለቁል፣ እንደ ማስጠንቀቂያ መብራት በአንድ ጥግ ይቆይ። በከፋቾች ላይ ተካፍሎ የሚሰላው የክሊክ መጠንም ታችኛው ቁጥር ስለተበከለ አብሮ ይወጣል። ክሊክ መካፈል ያለበት ለደረሱት መልእክቶች ነው።

አሁን ወደ ቡና ቤቱ እንመለስ። ባለቤቱ 8,000ውን ተመዝጋቢ በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ለእያንዳንዱ ግማሽ የተለያየ ኢሜይል ይልካል። አንደኛው «በጀበና ሲፈላ ቡናው ምን ያህል ይድቀቅ?» የሚል ጽሑፍ ይዞ ይሄዳል። ሁለተኛው «ዛሬ ካልገዙ ያመልጥዎታል!» ይላል። ከሁለቱም 3,900 ያህል ደረሱ። ዳሽቦርዱ የመጀመሪያው 50 በመቶ፣ ሁለተኛው 60 በመቶ እንደተከፈተ ያሳያል። በዚህ ቢፈረድ አሸናፊው «ያመልጥዎታል» ነው። ክሊክ ሲታይ ግን የጀበናው ኢሜይል 117 ሰው፣ ሌላው 78 ሰው ወደ ድረ ገጹ አምጥቷል። ግዢው ደግሞ 9 እና 8 ነው።

ባለቤቱ የሚፈልገው ሽያጭ ነው ካልን 9 ከ8 ይበልጣልና የጀበናው አሸነፈ እንበል? አይሆንም። በእንዲህ ያለ አነስተኛ ቁጥር ላይ አጋጣሚ ብቻውን ይህን ያህል ልዩነት ይፈጥራል። ግምት መውሰጃ ቀላል ዘዴ አለ፦ ሁለቱን ቁጥሮች ደምሮ ዳግም ዘሩን፣ ማለትም ስኩዌር ሩቱን፣ ማውጣት። የ17 ዳግም ዘር 4 ገደማ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 1 ብቻ ስለሆነ ምንም አይነግረንም። ክሊኩን በዚያው መንገድ ስናየው 117 እና 78 ሲደመሩ 195፣ ዳግም ዘሩ 14 ገደማ፤ ልዩነቱ ግን 39 ነው። ሦስት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረውም፤ ይህ በአጋጣሚ የመጣ አይመስልም። ዘዴው የሚሠራው ሁለቱ ቡድኖች እኩል ሲሆኑና ቁጥሮቹ ከተላከው አንጻር ትንሽ ሲሆኑ ነው፤ እዚህ ሁለቱም ተሟልተዋል።

ብዙ የቤት ሥራዎች የሚያልፉት ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ትክክለኛው ዓላማ ሽያጭ ሆኖ ሳለ ሽያጭ በየሳምንቱ ለመፍረድ የሚበቃ ቁጥር አያመጣም። ስለዚህ ሁለት አመልካች በሁለት የጊዜ ርቀት ያስፈልጋል። ዋናው ከኢሜይል የመጣ ግዢ ሲሆን የሚታየው በሦስት ወር ነው፤ ለሳምንቱ ውሳኔ የሚያገለግለው ደግሞ ከደረሱት ውስጥ ሊንኩን የነኩ ሰዎች መጠን ነው። በሦስት ወር ውስጥ ክሊክ እየጨመረ ግዢ ካልተነቃነቀ የሳምንቱ አመልካች ዋሽቶናል ማለት ነውና ይቀየራል።

ክሊክም ቢሆን ንጹሕ አይደለም። በመሥሪያ ቤት አድራሻዎች ላይ የደኅንነት ሶፍትዌሮች ሊንኩ ቫይረስ እንደሌለው ለማየት ከሰውየው ቀድመው ይከፍቱታል። ምልክቱ ይታወቃል፦ ኢሜይሉ በደረሰ በሰከንዶች ውስጥ፣ እታች በጥቃቅን ፊደል የተጻፈውን ጨምሮ ሁሉም ሊንክ በአንዴ ይነካል። እንዲህ የሚያደርግ አንባቢ የለም። እነዚህን አውጥቶ መቁጠር ነው።

ወደ ጽሑፎቹ ስንመጣ ታዋቂው ወጥመድ የገጽ ዕይታ ነው። ስለ ቡናና ጤና የተጻፈው 5,000 አንባቢ አግኝቶ 20 ሰው ብቻ አስመዘገበ እንበል። የጀበናው 600 አንባቢ አግኝቶ 30 ሰው አስመዘገበ። የመጀመሪያውን ያነበቡት ከጉግል የመጡ፣ ቡና ይግዙ አይግዙ የማይታወቅ መንገደኞች ናቸው። ሁለተኛውን ያነበበው ጀበና ያለው ሰው ነው። በገጽ ዕይታ የሚመራ ጸሐፊ ከዚህ በኋላ ስለ ጤና ብቻ ይጽፋል። ስለዚህ የጽሑፉ አመልካች በወር ያመጣው አዲስ ተመዝጋቢ ይሁን። መቶኛውን ብቻ መያዝም አያዋጣም፤ ዐሥር ሰው አንብቦት ሁለት ያስመዘገበ ጽሑፍ 20 በመቶ ይላልና።

እነዚህ ሁሉ የሚቆጠሩት ሊንኩ ምልክት ካለው ነው። ጉግል አናሊቲክስ ጎብኚው ከየት እንደመጣ የሚያውቀው ሊንኩ መጨረሻ ላይ ከሚለጠፉት መለያዎች ነው፦

```
https://example.com/jebena?utm_source=newsletter&utm_medium=email&utm_campaign=jebena_test&utm_content=version_a
```

እዚህ ውስጥ `utm_medium=email` የሚለው ወሳኝ ነው። በእሱ ቦታ `newsletter` ተብሎ ቢጻፍ ጎብኚው ከኢሜይል ተርታ ወጥቶ `Unassigned` የሚል ሳጥን ውስጥ ይወድቃል። `jebena_test` እና `Jebena_Test` ደግሞ በሪፖርቱ ላይ ሁለት የተለያዩ ዘመቻዎች ሆነው ይታያሉ። ያው ሊንክ ምልክት ሳይኖረው በቴሌግራም ከተላለፈም አብዛኛውን ጊዜ «ራሱ አድራሻውን ጽፎ የመጣ» ተብሎ ይቆጠራል። ስለዚህ ተማሪው አመልካች ሲመርጥ በምን ምልክት እንደሚቆጠርም አብሮ መጻፍ አለበት። ምልክቱ ሳይኖር የተመረጠ አመልካች ምኞት ነው። ምልክቱ ኖሮም የማይያዝ አለ፦ ኢሜይሉን ስልኩ ላይ አንብቦ ማታ ላፕቶፑን ከፍቶ የሚገዛ ሰው ለኢሜይሉ ላይቆጠር ይችላል። ለዚህ በኢሜይሉ ውስጥ ብቻ የሚገኝ የቅናሽ ኮድ ይረዳል።

አንድ ጠባቂ ቁጥርም ያስፈልጋል። በምሳሌያችን የጀበናው ኢሜይል ከወጣ በኋላ 12 ሰው ምዝገባውን ሰረዘ፤ «ያመልጥዎታል» ያለው ግን 47 ሰው አባረረ። የሽያጭ ጫና ለጊዜው ክሊክ ወይም ግዢ ሊያመጣ ይችላል፣ ዝርዝሩን ግን ይበላዋል። ከስረዛ የከፋው «ስፓም ነው» የሚለው ቅሬታ ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ በቀን ከ5,000 በላይ መልእክት ወደ ጂሜይል ለሚልኩ ባወጣው መመሪያ የቅሬታው መጠን 0.3 በመቶ እንዳይደርስ ይጠይቃል። ያ ከሺህ ሦስት ሰው ነው። የእኛ ቡና ቤት ተመዝጋቢዎች ሁሉም ጂሜይል ስለማይጠቀሙ 5,000 ላይሞላ ይችላል፤ ገደቡን ግን ለራሱ ቢይዘው አይጎዳም።

የቀረው ዒላማ ነው። ተማሪው ብዙ ጊዜ ከኢንተርኔት «የዘርፉ አማካይ» የሚል ቁጥር አምጥቶ ይለጥፋል፤ እያንዳንዱ ድርጅት የሚቆጥርበት መንገድ ስለሚለያይ ያ ቁጥር ለዚህ ቡና ቤት እምብዛም አይጠቅምም። የሚሻለው የራሱ ያለፈ ቁጥር ነው። በሁለቱም ኢሜይሎች 7,800 መልእክት ደርሶ 17 ግዢ መጣ፤ ከሺህ 2 ገደማ ነው። በዚህ ፍጥነት በ12 ሳምንት ከ200 ትንሽ ከፍ ያለ ግዢ ይሰበሰባል፤ ከሺህ ወደ 3 ቢያድግ 280 ይደርሳል፤ ይህን ያህል ለውጥ ከአጋጣሚ መለየት ይቻላል። ስለዚህ የቤት ሥራው ላይ እንዲህ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፦ ዋና አመልካች፣ ከ1,000 የደረሰ መልእክት ስንት ግዢ፤ መነሻ 2፣ በ12 ሳምንት ዒላማ 3፤ ስረዛ በአንድ ኢሜይል ከ1 በመቶ ካለፈ ያ ዓይነት ኢሜይል ይቁም፤ ዒላማው ካልተደረሰና ክሊክ ግን ካደገ፣ ችግሩ ኢሜይሉ ላይ ሳይሆን መደብሩ ላይ ስለሚሆን የክፍያው ገጽ ይፈተሽ።