ቴሌቪዥኑ ከጠፋ በኋላ የሚሠራው ሥራ

ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ በሚገኝባት ጉብሬም ሆነ በሌሎች ከተሞቻችን፣ በብዙ ቤት ማታ ቴሌቪዥን የሚዘጋው ሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ በሪሞት ይጠፋል፤ ቀጥሎ ሶኬቱ ይነቀላል ወይም ስታቢላይዘሩ ይጠፋል። ልማዱ ያለ ምክንያት አልመጣም፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ ከልኩ በላይ የሚመጣ ኤሌክትሪክ ዕቃ ያቃጥላል። ለተለመደው ኤልሲዲ ቴሌቪዥን ይህ ጥንቃቄ ጥቅም እንጂ ጉዳት የለውም። ለመስቀል አገር ቤት የሚገባ ልጅ ለወላጆቹ ይዞ የመጣው ቴሌቪዥን ኦሌድ ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። ኦሌድ ስክሪን ከ«በርን ኢን»፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ ታትሞ ከሚቀር የምስል ጥላ፣ ራሱን የሚጠብቅበትን ዋና ሥራ የሚሠራው በሪሞት ጠፍቶ፣ ነገር ግን ኤሌክትሪክ ሳይቋረጥበት ነው። ሶኬቱ ቶሎ በተነቀለ ቁጥር ያ ሥራ ሳይሠራ ያድራል።

ኤልሲዲ ከኋላው አንድ የጋራ መብራት አለው። በኦሌድ ላይ ግን እያንዳንዱ ፒክሴል የራሱን ብርሃን ያወጣል፤ ብርሃኑን የሚሰጠው ንጥረ ነገርም በሠራ ቁጥር ጥቂት በጥቂት ይደክማል። ብርሃኑ በደመቀና ሙቀቱ በጨመረ መጠን ድካሙ ይፈጥናል። በረድፍ እንደቆሙ ጧፎች ነው፤ አብዝቶ የበራው ከጎረቤቱ ያጥራል። ስለዚህ «በርን ኢን» የሚለው ስም ያሳስታል እንጂ የሚቃጠል ነገር የለም። የቻናሉ አርማ ሁልጊዜ አንድ ማዕዘን ላይ ደምቆ ስለሚበራ የዚያ ማዕዘን ፒክሴሎች ከሌሎቹ ቀድመው ይደክማሉ፤ ምስሉ ሲቀየር የደከሙት ደብዘዝ ብለው የአርማውን ቅርጽ ያሳያሉ። ችግሩ እኩል አለመድከም ነው። ስክሪኑ በሙሉ እኩል ቢደክም ኖሮ ትንሽ ከመደብዘዙ በቀር ማንም ልብ አይለውም ነበር።

አርቲንግስ የተባለው የካናዳ ዕቃ ፈታሽ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 የጀመረው ሙከራ ይህንን በግልጽ አሳይቷል። ስድስት አንድ ዓይነት የኤልጂ ሲ7 ቴሌቪዥኖችን በቀን 20 ሰዓት እያበራ የተለያየ ነገር አሳያቸው። ሲኤንኤን በከፍተኛ ድምቀት ሲያሳይ የዋለው የዜናው አርማና የግርጌ ጽሑፍ ጎልቶ ታተመበት፤ ምስሉ እየተለዋወጠ ኮል ኦፍ ዱቲ የተባለውን ጨዋታ ሲያሳይ የኖረው ግን ሺህ ሰዓታትን ቆጥሮም ጎልቶ የሚታይ ምልክት አልወጣበትም። ጉዳቱን የወሰነው የሰዓቱ ብዛት ብቻ ሳይሆን ያ ሰዓት በምን ላይ እንደዋለ ነው።

አሁን ወደ ጥገናው እንምጣ፤ ሁለት ዓይነት ነው። አጭሩ በኤልጂ ቴሌቪዥኖች ላይ በድምሩ 4 ሰዓት ያህል ከሠሩ በኋላ በሪሞት ሲጠፉ ራሱን የሚጀምር ሲሆን የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው። ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ውስጥ ውስጡን ፒክሴሎችን የሚነዱትን ትራንዚስተሮች ይለካል፤ ልዩነት ካገኘ የሚላከውን ኤሌክትሪክ ያስተካክላል። ረጅሙ Pixel Cleaning ወይም በሳምሰንግ ላይ Pixel Refresh የሚባለው ነው፤ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ በኤልጂ ላይ በየ2000 ሰዓቱ ገደማ ይመጣል። ማታ ማታ 5 ሰዓት የሚታይበትን አንድ ቤት እናስብ። በዓመት 1825 ሰዓት ይሆናል፤ ረጅሙ ጥገና የሚደርሰው ከ400 ቀን በኋላ ነው፤ አጭሩ ግን በየምሽቱ ማለት ይቻላል ተራው ይደርሳል። ሶኬቱ ወዲያው የሚነቀል ከሆነ ያ ሁሉ ተራ በከንቱ ያልፋል። ከጊዜ በኋላ ጥቁር ግራጫ ትዕይንት ላይ ቀጫጭን ቀጥ ያሉ መስመሮች ይታያሉ፤ የአርማው ጥላም እንደ ቀድሞው ቶሎ አይጠፋም።

«ታዲያ መብረቅና የመብራት መቆራረጥ ባለበት አገር ተሰክቶ ይደር ማለት ነው?» የሚል ሰው ትክክለኛ ጥያቄ ጠይቋል። መልሱ ሌሊቱን ሙሉ ማሳደር ግዴታ አይደለም የሚል ነው። በሪሞት አጥፍቶ ግማሽ ሰዓት ያህል መታገስ ለአጭሩ ጥገና ይበቃል፤ ከዚያ መንቀል ይቻላል። ነጎድጓድ ካለ ወዲያው ይነቀል፤ አንድ ምሽት ማለፉ ምንም አያመጣም፤ የሚጎዳው በየቀኑ መዝለሉ ነው። በመሃል መብራት ቢጠፋም ሥራው ለሌላ ጊዜ ይተላለፋል እንጂ ስክሪኑ አይበላሽም።

ሌላው ደግሞ በተቃራኒው ይሳሳታል፤ ጥገናው ጥሩ ከሆነ ረጅሙን በየሳምንቱ በእጅ ላስጀምረው ይላል። ይህ መወገድ አለበት። ጥገናው ያጠረውን ጧፍ አያስረዝምም፤ ለደከመው ተጨማሪ ኤሌክትሪክ እየሰጠ ከሌሎቹ ጋር እኩል ያስመስለዋል፤ ያ ተጨማሪ ደግሞ ወሰን አለው። ሶኒ በመመሪያው በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ አታድርጉት፣ የስክሪኑን ዕድሜ ሊነካ ይችላል የሚለው ለዚህ ነው። ቀለም እያብለጨለጩ «በርን ኢን ያጠፋሉ» የሚባሉት ቪዲዮዎችም ቢሆኑ ጤነኛውን ክፍል ከማድከም በቀር የደከመውን አያድሱም።

ከመጠገን በፊት ግን ማስተካከያዎቹን መመልከት ይሻላል። በኤልጂ OLED Care፣ በሳምሰንግ Panel Care በሚለው ስር Adjust Logo Brightness አለ፤ ቴሌቪዥኑ የማይንቀሳቀስ አርማ ሲያገኝ ድምቀቱን ይቀንስበታል። Screen Move ወይም Pixel Shift የሚባለው ምስሉን በጥቂት ፒክሴል ወዲያ ወዲህ ያንቀሳቅሳል፤ የአርማውን ጠርዝ ያለሰልሳል እንጂ ወፍራም አርማን አያድንም። ከሁለቱም የሚበልጠው የስክሪኑን ጠቅላላ ድምቀት መቀነስ ነው፤ ሱቅ ውስጥ ዓይን ለመሳብ የተዘጋጀው Vivid ለቤት አይሆንም።

ምልክቱን ለማወቅ ክፍሉን አጨልሞ ስክሪኑን በአንድ ወጥ ቀለም መሙላት ነው፤ መጀመሪያ ግራጫ፣ ቀጥሎ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ። አንዳንዱ ጥላ በአንድ ቀለም ላይ ብቻ ስለሚወጣ በግራጫው ብቻ አይወሰን። ጥላ ከታየ ለአንድ ሰዓት ያህል ልዩ ልዩ ምስል አሳይቶ እንደገና ማየት ይገባል፤ ከጠፋ ጊዜያዊ ነበር፣ ከቆየና ከአጭሩ ጥገና በኋላም ካልለቀቀ የምር ነው። ረጅሙን ጥገና በእጅ ማስጀመር የሚገባው ያኔ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ኦሌድን የሚያውቀው በስልክ ስለሆነ ያገለገለ ስልክ ሲገዙም ፍተሻው ይሠራል፤ የኪቦርዱ፣ የላይኛው የሰዓትና የባትሪ መስመር፣ የታችኛው ቁልፎች ጥላ ይፈለግ። ከተጠራጠሩ ስክሪንሾት አንስቶ በሌላ ስልክ ማየት ይበቃል፤ ጥላው እዚያም ካለ የሶፍትዌር ነው፣ ከሌለ ግን የስክሪኑ ነው። ስልኮች በአብዛኛው እንደ ቴሌቪዥኑ በእጅ የሚጀመር ጥገና በቅንብራቸው ውስጥ የላቸውም፤ ስለዚህ ሻጩ «ሰርቪስ ሲደረግ ይለቃል» ቢል ዋጋ ማስቀነሻ እንጂ ማጽናኛ አይሁን።

ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ቻናል ከፍቶ ለሚውል፣ ቅዳሜና እሑድ የእግር ኳስ ውጤት ሰሌዳ ለሚያሳይ ካፌ ግን እነዚህ ማስተካከያዎች አይበቁትም። ለእሱ የሚሻለው ኤልሲዲ ነው፤ ዋጋውም ይቀንሳል፣ ሶኬቱንም በፈለገ ሰዓት ይነቅላል።