«ሟች ኑዛዜ ሳይተዉ አረፉ…»

አቶ አለሙ መስከረም 3 ቀን ኑዛዜ ሳይተዉ አረፉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስቴር፣ ከእሳቸው የወለዷቸው ዳዊትና ሄለን፣ ከጋብቻ ውጭ ከሌላ ሴት የተወለደች ልጃቸው መዓዛ፣ አሮጊት እናታቸውና አንድ ወንድማቸው በሕይወት አሉ። የበኩር ልጃቸው ሰለሞን ግን ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ትቶ ከሁለት ዓመት በፊት ሞቷል። አቶ አለሙና ወይዘሮ አስቴር በትዳር ዘመናቸው ያፈሩት 4,800,000 ብር ባንክ ተቀምጧል፤ ዕዳ የለም። መስከረም 28 ቀን ደግሞ ሄለን ሳታገባ፣ ሳትወልድና ሳትናዘዝ ሞተች። ለማን ምን ይደርሳል?

ሰዎቹ ለጥያቄ የተፈጠሩ ናቸው። በሕግ ትምህርት ቤት የውርስ ሕግ የተማረ ሰው ግን ይህን ዓይነቱን ጥያቄ ያውቀዋል። የዘመድ ስም ይደረደርና መጨረሻ ላይ «ማን ምን ያህል ይወርሳል?» ተብሎ ይጠየቃል። ለቅሶ ቤት ፍራሽ ላይ ተቀምጠው ሰዎች ቀስ ብለው የሚጠያየቁትም ይህንኑ ነው። መልሱ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ከአንቀጽ 842 ጀምሮ ተቀምጧል። ብዙ ሰው ግን ሕጉን ሳይደርስበት ገና ከመነሻው ይሳሳታል።

የመጀመሪያው ስህተት 4,800,000 ብሩን በሙሉ ውርስ ብሎ መቁጠር ነው። ገንዘቡ በትዳር ውስጥ የተፈራ የጋራ ሀብት ነው። ሞት ጋብቻውን ሲያፈርሰው ግማሹ የወይዘሮ አስቴር መሆኑ ይለያል። ይህን 2,400,000 ብር የሚወስዱት ቀድሞም የራሳቸው ስለሆነ እንጂ ባላቸውን ወርሰው አይደለም። ውርስ የሚባለው የቀረው 2,400,000 ብር ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነገር ብዙዎችን ያስደነግጣል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ያለ ኑዛዜ በሚተላለፍ ውርስ ሚስት ባሏን አትወርስም፤ ባልም ሚስቱን አይወርስም። ሕጉ ወራሾችን በደረጃ ሲጠራ ቅድሚያ የሚሰጠው ለልጆችና ለተወላጆቻቸው ነው። እነሱ ከሌሉ አባትና እናት ይጠራሉ፤ ከዚያ አያቶች፣ ከዚያም ቅድመ አያቶች ይከተላሉ። የትዳር ጓደኛ በዚህ መስመር ውስጥ የለም። ስለዚህ ፈተና ላይ ለወይዘሮ አስቴር «የልጅ ያህል ድርሻ» የሰጠ ተማሪ ከዚያ በኋላ ያሰላው ሁሉ ይበላሽበታል።

ልጅ ባለበት ቤት የሟች እናትና ወንድም አይወርሱም። የፊተኛው ደረጃ አንድ ወራሽ እንኳ ካለው የኋለኛው አይጠራምና። ያዘነች እናት ምንም አለማግኘቷ ይከብዳል፤ ይሁን እንጂ ጥያቄው እናትና ወንድሙን የጠቀሰው አንባቢው ይህን ማወቁን ለመፈተን ነው።

እንግዲህ ወራሾቹ ልጆች ናቸው። ከጋብቻ ውጭ የተወለደችው መዓዛ አባትነቱ እስከተረጋገጠ ድረስ ከሌሎቹ እኩል ትወርሳለች። ሰለሞን ቀድሞ ቢሞትም ድርሻው አይጠፋም፤ ሁለቱ ልጆቹ በእሱ ቦታ ተተክተው ይወርሳሉ። እዚህ ላይ ሁለተኛው ትልቅ ስህተት ይፈጸማል። አንዳንዱ በሕይወት ያሉትን ሦስት ልጆችና ሁለቱን የልጅ ልጆች አንድ ላይ ቆጥሮ ለአምስት ያካፍልና ለእያንዳንዱ 480,000 ብር ይሰጣል። ትክክለኛው አከፋፈል በነፍስ ወከፍ ሳይሆን በአቶ አለሙ ልጆች ቁጥር ነው። ልጆቹ አራት ናቸውና ለእያንዳንዱ 600,000 ብር ይደርሳል፤ የሰለሞን ልጆች የአባታቸውን 600,000 ብር ለሁለት ተካፍለው 300,000፣ 300,000 ይወስዳሉ። የሰለሞን ሚስት ግን በዚህ ውርስ ውስጥ የለችበትም። መተካት ለተወላጅ እንጂ ለትዳር ጓደኛ አልተፈቀደም።

አሁን ሁለቱ ቀኖች ለምን እንደተጻፉ ግልጽ ይሆናል። ሄለን አባቷ ሲያርፉ በሕይወት ነበረች፤ ስለዚህ 600,000 ብሩ የእሷ ሆኗል። ገንዘቡን ባንክ ሄዳ አለመቀበሏ ወይም የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት ሳታወጣ መሞቷ ይህን አይለውጠውም። ከ25 ቀን በኋላ ስትሞት የራሷ ውርስ ይከፈታል፤ ያኔ ጥያቄው «የአቶ አለሙ ወራሽ ማን ነው?» መሆኑ ቀርቶ «የሄለን ወራሽ ማን ነው?» ይሆናል። በጥንቃቄ የሚሠራ ሰው እዚህ ሲደርስ አዲስ ወረቀት አውጥቶ የዘር ሐረጉን ሄለንን መሐል አድርጎ እንደገና ይሥላል።

ሄለን ልጅ ስለሌላት ሁለተኛው ደረጃ ይጠራል፤ ግማሹ ለእናት፣ ግማሹ ለአባት ነው። እናቷ በሕይወት ስላሉ 300,000 ብር ይወስዳሉ። ብዙ ሰው «እናት እያለች ወንድም እህት ምን አገባው?» ብሎ ቀሪውንም ለእናት ይሰጣል። ሕጉ ግን የሞተ አባት በልጆቹ ይተካል ይላል። ስለዚህ የአባትየው 300,000 ብር ለሦስት ይከፈላል፤ ለዳዊት 100,000፣ ለመዓዛ 100,000፣ ለሰለሞን ሁለት ልጆች ደግሞ 50,000፣ 50,000 ብር።

መዓዛ ይህን ያገኘችው የአባቷ ልጅ ስለሆነች ነው። ወይዘሮ አስቴር ከሄለን በፊት ሞተው ቢሆን ኖሮ የእናት ወገን ግማሽ ለዳዊትና ለሰለሞን ልጆች ብቻ ይደርስ ነበር። ያኔ ዳዊት ከሄለን ውርስ 250,000 ብር ሲያገኝ መዓዛ በ100,000 ብቻ ትቀራለች። በአባት ብቻ የምትገናኝ እህት ከአባት ወገን ትካፈላለች፤ በሁለቱም የሚገናኝ ወንድም ከሁለቱም።

ፈታኙ ባንክ ያለውን ገንዘብ በቤት ከቀየረው ደግሞ ሌላ ወጥመድ ይመጣል። አንቀጽ 849 ሟች ከአባት ወገን በውርስ ወይም በስጦታ ያገኘው የማይንቀሳቀስ ንብረት በባለቤትነት ወደ እናት ወገን ወራሽ እንዳይተላለፍ ይከለክላል። ሄለን ከአባቷ የወረሰችው የቤት ድርሻ ቢሆን ኖሮ እናቷ የዚያ ባለቤት ሊሆኑ አይችሉም ነበር። ለጥሬ ገንዘብ ግን ይህ አይሠራም። ጥያቄው የገጠር መሬት ይዞታን ካነሳም የመሬት አጠቃቀም ሕጎች የራሳቸው ደንብ ስላላቸው ይህን ስሌት መጠቀም አይቻልም።

ሁሉም ሲደመር ወይዘሮ አስቴር 2,700,000፣ ዳዊት 700,000፣ መዓዛ 700,000፣ የሰለሞን ልጆች እያንዳንዳቸው 350,000 ብር ይኖራቸዋል። ድምሩ 4,800,000 ካልመጣ አንድ ዘመድ ተረስቷል፣ ወይም አንዱ ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል።

ወይዘሮ አስቴር በዚህ ጥያቄ ባዶ እጃቸውን ያልቀሩት ሀብቱ የጋራ ስለነበረ ነው። ያ ሁሉ ገንዘብ አቶ አለሙ ከጋብቻ በፊት ያፈሩት የግል ሀብት ቢሆን ኖሮ ከባላቸው ውርስ አንድ ብር አይደርሳቸውም ነበር። ስለዚህ ለትዳር ጓደኛው ማውረስ የሚፈልግ ሰው ኑዛዜ መጻፍ አለበት። በራሱ እጅ የሚጽፈው ከሆነ ሙሉ በሙሉ በእጁ ይጻፈው፤ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ያመልክትበት፤ ቀን ጽፎም ይፈርምበት።