ጳጉሜን 6 ላይ የሚዘጋው አፕ

«የልደት ቀን ስሞላ አፑ ይዘጋል» የሚል መልእክት ብቻ የደረሰው ፕሮግራመር የራሱን ልደት አስገብቶ ይሞክራል። ይሠራለታል። «እኔ ጋ ችግር የለም» ብሎ ይመልሰዋል፤ ስህተቱም እዚያው ይቀራል።

ጎበዝ ሞካሪ ግን እንዲህ ይጽፋል፦ መመዝገቢያውን ክፈት፤ የኢትዮጵያ አቆጣጠርን ምረጥ፤ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 አስገብተህ «ቀጥል» የሚለውን ተጫን። መሆን የነበረበት፦ ቀኑ ወደ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ተቀይሮ ቀጣዩ ገጽ ይከፈታል። የሆነው፦ አፑ ተዘጋ። ጳጉሜን 5 ግን ያልፋል። ከዚህ ጋር የአፑን ስሪት፣ የስልኩን ዓይነትና በዚያች ደቂቃ የተመዘገበውን ሎግ ያያይዛል፦

```
IllegalArgumentException: month=13 day=6 year=2015
  at DateConverter.java:88
```

ፕሮግራመሩ 88ኛውን መስመር ሲከፍት፣ ጳጉሜን ስድስት ቀን የምትሆነው ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ ምንም ሳይተርፍ ነው የሚል ስሌት ያገኛል። በእኛ አቆጣጠር ግን መትረፍ ያለበት 3 ነው፤ 2015ም እንደዚያው ነው።

ከሪፖርቱ ሁሉ ትልቁን ሥራ የሠራችው «ጳጉሜን 5 ግን ያልፋል» የምትለዋ አጭር ዓረፍተ ነገር ናት፤ ፍለጋውን ወደ አንዲት ቀን አጥብባዋለችና። የማይሠራውን ስትጽፉ፣ አጠገቡ ያለውንና የሚሠራውንም ሞክራችሁ ጻፉ። ሎጉን ከመላካችሁ በፊት ደግሞ የደንበኞች ስልክ ቁጥርና የይለፍ ቃል እንዳልቀረበት አረጋግጡ።