«ድጋሚ ላኩልኝ» ከማለት በፊት

የኪራይ ውል ረቂቅ በኢሜይል ይመጣል። ሲከፈት ሠንጠረዡና አርማው በቦታቸው አሉ፤ አማርኛ መሆን የነበረበት ጽሑፍ ግን የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቅንፍና ልዩ ልዩ ምልክት ተደበላልቆበት ይታያል። ተቀባዩ «ፋይሉ ተበላሽቷል፣ ድጋሚ ላኩልኝ» ብሎ ይጽፋል። ላኪዋ ጸሐፊ ያንኑ ፋይል በዚያው መንገድ ትልካለች፤ ያው ይመጣል። ሦስተኛው ዙር ላይ መኮራረፍ ይጀመራል፤ «እኔ ጋ በደንብ ይከፈታል» ትላለች፣ እውነቷንም ነው።

ፋይሉ በእርግጥም አልተበላሸም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት የአማርኛ ፎንቶች የራሳቸው መለያ ስላልነበራቸው የእኛን ፊደል ቅርጽ በእንግሊዝኛ ፊደላትና ምልክቶች ቦታ ላይ አስቀመጡት። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የእንግሊዝኛውን ፊደል ነው፤ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ብቻ ነው። እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ የድሮ ፎንቶች የተጻፉ ደብዳቤዎች በየቢሮው ዛሬም አሉ። ፎንቱ የተጫነበት ማሽን ላይ ውሉ ይነበባል፣ ያልተጫነበት ላይ አይነበብም። መቶ ጊዜ ቢላክም ለውጥ የለውም።

ስለዚህ ጥያቄው ከመጻፉ በፊት የሚታየውን ነገር ልብ ብሎ ማየት ያዋጣል። የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ከታየ የድሮ ፎንት መጠርጠር ነው። በፊደላቱ ፈንታ ባዶ ሳጥኖች ከተደረደሩ ግን ብዙውን ጊዜ ጽሑፉ ደኅና ሆኖ የግዕዝ ፎንት የጎደለው የራስዎ መሣሪያ ነው፤ ይህን በሌላ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ከፍቶ ማረጋገጥ ይቻላል፣ ላኪንም ማስቸገር አያስፈልግም። የፋይሉ መጠን 0 KB ከሆነ ውስጡ ምንም የለም፤ ሲላክ ወይም ሲወርድ ተቋርጦ ሊሆን ስለሚችል አስቀድሞ እንደገና ማውረድ ነው። ስካን የተደረገ ሰነድ ነጭ ገጽ ብቻ ከሆነ ደግሞ ወረቀቱ ተገልብጦ ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህን የሚያስተካክለው ላኪው ብቻ ነው።

ወደ ውሉ እንመለስ። ለጸሐፊዋ እንዲህ ቢጻፍላት፦

«ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት የላኩልኝ የኪራይ ውል ረቂቅ ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ። እኔ ጋ ሲከፈት ግን አማርኛው በእንግሊዝኛ ፊደልና በምልክት ይታያል፤ እንዴት እንደሚታይ ፎቶ አንስቼ አያይዤዋለሁ። የተጻፈበት ፎንት እኔ ኮምፒውተር ላይ ስለሌለ ይመስለኛል። ካላስቸገርኩዎ በፒዲኤፍ አድርገው ቢልኩልኝ። ሐሙስ ስለምንፈራረም እስከ ረቡዕ ከሰዓት ቢደርሰኝ አንብቤ እጠብቃለሁ።»

እዚህ ውስጥ ትልቁን ሥራ የሚሠራው ፎቶው ነው። ላኪዋ በራሷ ማሽን ላይ ችግሩን ማየት ስለማትችል፣ ፎቶውን እስክታይ ድረስ አቤቱታው የተቀባዩ አለማወቅ ሊመስላት ይችላል። «ደርሶኛል» የሚለው ደግሞ አድራሻው ትክክል መሆኑን ይነግራታል፤ ያለዚያ ሌላ ኢሜይል ስትጠይቅ ቀኑ ይመሻል። «ተበላሽቷል» ከማለት «እኔ ጋ እንዲህ ይታያል» ማለት ጥፋቱን ማንም ላይ አይጥልም። ቀኑ ከነምክንያቱ ስለተነገረም ጥድፊያው ትእዛዝ አይመስልም። «ባስቸኳይ» የምትለው ቃል ከቢሮ ደብዳቤዎቻችን ብትወጣ፣ በበኩሌ አልናፍቃትም።

ጸሐፊዋ ማድረግ ያለባት ቀላል ነው፦ በወርድ ፋይሉን ከፍታ Save As የሚለውን ትጫንና ከዓይነቶቹ PDF ትመርጣለች። ብዙውን ጊዜ ፎንቱ ከሰነዱ ጋር አብሮ ስለሚታሸግ ስልክ ላይ እንኳ ይነበባል። ይህን መንገድ የማታውቅ ከመሰለ በስልክ ደውሎ ማስረዳት ይሻላል፤ በጽሑፍ ሲሆን ትምህርት መስጠት ይመስላል።

ፒዲኤፍ ግን ለማንበብ እንጂ ለማረም አይመችም። ከውስጡ አንድ አንቀጽ ገልብጠው ሌላ ቦታ ሲለጥፉት ያው የእንግሊዝኛ ፊደል ተመልሶ ይመጣል፤ ከሥር ያለው መለያ አልተቀየረምና። ረቂቁ ላይ እርማት የሚገባ ከሆነ ጥያቄው ከመጀመሪያው ሌላ መሆን አለበት፦ የወርዱ ፋይል በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ እንዲነገር፣ ወይም ከተቻለ ወደ ዩኒኮድ ተቀይሮ እንዲላክ። ቀያሪ ፕሮግራሞች አሉ፤ ነገር ግን የትኛው ፎንት እንደሆነ ካልታወቀ ፊደል ያሳስታሉ፣ በውል ላይ ደግሞ የአንድ ፊደል ስህተት ስም ይለውጣል። ስለዚህ የተቀየረውን ከፒዲኤፉ ጋር ጎን ለጎን አድርጎ ማስተያየት ያስፈልጋል።

አዲሱ ፋይል ሲመጣም «ደረሰኝ» ብሎ ከመመለስ በፊት እስከ መጨረሻው ገጽ ወርዶ የፊርማውን ቦታ ማየት ነው፤ አለዚያ ለሌላ ድጋሚ ልመና ረቡዕ ማታ መደወል ይመጣል።