«ኧረ በረሮ የለም!» ብለን ነበር...

እኔና አብሮ አደጌ ተበድረን ስለከፈትናት አንዲት ሚጢጢ ምግብ ቤት ላጫውታችሁ። 6 ጠረጴዛ፣ 1 ፍሪጅና ሽሮዋ የተመሰከረላት አንዲት ምግብ ሠሪ ነበሩን። ሥራው ገና ሞቅ ሞቅ ሲል፣ አንድ ረፋድ ላይ የጤና ተቆጣጣሪዋ ከች አሉ።

«በረሮ አላችሁ?» አሉን።

«ኧረ የለም!» አልን፣ ሁለታችንም እኩል።

ሴትየዋ አልተከራከሩንም። ከቦርሳቸው ባትሪ አወጡና ፍሪጁን ሳብ አስደርገው ከኋላው አበሩ። ምን ልበላችሁ! ግድግዳው ተንቀሳቀሰ። «በጠራራ ፀሐይ እንዲህ ከታየ መደበቂያው ሞልቶበታል ማለት ነው» አሉና የ15 ቀን ማስጠንቀቂያ ጻፉልን። ካልተስተካከለ ቤቱ ይታሸጋል። በር ላይ ደርሰው ደግሞ ዞር ብለው፣ «ስመለስ የምታደርጉትን የጻፋችሁበት መዝገብ አያለሁ» አሉ።

የዚያን ዕለት ማታ ያለ የሌለ ፍሊታችንን ነፋን። ጠዋት የሞተውን በመጥረጊያ ሰበሰብን። በ3ኛው ቀን ግን ከፍሪጁ ሥር ብቅ ብቅ ማለት ጀመረ። በተባይ ማጥፋት ሥራ የሚተዳደር የሰፈራችን ልጅ ይህን ስነግረው ሳቀብኝ። ይሄ ትንሹ፣ ፈዘዝ ያለ ቡናማ፣ ከራሱ ኋላ ሁለት ጥቁር መስመር ያለው በረሮ ነው አለኝ። ሴቲቱ ከ30 እስከ 40 እንቁላል የያዘ ከረጢት ጭራዋ ላይ ተሸክማ ትዞራለች። ፍሊቱ እናትየውን ቢገድል እንኳ ለመፈልፈል የደረሰው እንቁላል ሊተርፍ ይችላል። ስንጥቅ ውስጥ የተወሸቀውን ደግሞ ጭራሽ አያገኘውም።

«በመጀመሪያ የት እንደሚኖር እወቅ» አለኝ። 5 የሙጫ ወጥመድ ገዛን፤ በላያቸው ላይ ቁጥርና ቀን ጻፍንባቸው። 1ኛውን ከባንኮኒው ሥር፣ 2ኛውን ከምድጃው ጎን፣ 3ኛውን ከዕቃ ማጠቢያው ሥር፣ 4ኛውን ከፍሪጁ ኋላ፣ 5ኛውን ጓዳ አስቀመጥን። ከ2 ሌሊት በኋላ ቆጠርን፦ 1፣ 2፣ 9፣ 23፣ 0። በአጠቃላይ 35 ማለት ነው። ሌባው የት እንዳለ ወረቀቱ ተናገረ፤ ፍሪጁ ጋ!

ቀሪውን የነገረችን ምግብ ሠሪያችን ናት። «ልጆቼ፣ ያቺን ከሞተሩ ሥር ያለችውን የውኃ መቀበያ ማን ያጥባታል?» አለች። ማንም አላጠባትም። ሞተሩ ሙቀት ይሰጣል፣ መቀበያው ውኃ፣ የወደቀው ፍርፋሪ ደግሞ ቀለብ። በረሮ ከዚህ ሌላ ምን ይፈልጋል? አጠብነው፤ የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ አሠራን፤ የግድግዳውን ስንጥቅ ደፈንን። ከዚያ ልጁ በሲሪንጅ የሚወጣ የበረሮ ጄል፣ በምስር ፍሬ ልክ በልክ፣ በየማጠፊያውና በየጥጉ ጠብ ጠብ አደረገልን። ምግብና የምግብ ዕቃ የሚነካበት ቦታ ላይ ግን በፍጹም አያደርግም። ፍሊት የነካውን ቦታ አስቀድሞ አሳጠበን፤ ፍሊት የሸተተውን ጄል በረሮ አይቀምሰውምና። የበላው ግን ወደ ጎሬው ተመልሶ ይሞታል፤ ኩሱንና ሬሳውን የሚለቃቅሙት ደግሞ ተራቸውን ይከተሉታል።

በ15ኛው ቀን ዋዜማ የ2 ሌሊት ወጥመዳችንን አንስተን ቆጠርን፤ 8። ዜሮ አይደለም! እኔና ጓደኛዬ እዚህ ላይ ተጣላን።

«ስማ፣ አዲስ ደብተር ገዝተን ሁሉንም ዜሮ እንሙላው። 8 ብለን ጽፈን ራሳችንን እናሳሽግ እንዴ?» አለኝ።

እውነቱን ልናገር፣ እኔም ልቤ ከድቶኝ ነበር። ግን ሁሉም በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ቁጭታ የተጻፈ ደብተር ያስታውቃል። እስከ እኩለ ሌሊት ተጨቃጨቅንና አሮጌው እንዲቀርብ ተስማማን።

ተቆጣጣሪዋ ሲመጡ ደብተሩን ገለጡ። ቀን፣ የወጥመዱ ቁጥር፣ የተያዘው ብዛት፣ የተደረገው ነገር፣ የመድኃኒቱ ስም፣ ፊርማ። ዝም ብለው 4ኛውን ወጥመድ አስነሡና የላዩን ቀን ከደብተሩ ጋር አስተያዩ። ጄሉ የት እንደሚቀመጥም ጠየቁን። ስሙ በተጻፈበት በራሱ መያዣ፣ ከምግብ ርቆ፣ ተቆልፎ ነበር። «35 የነበረው 8 ከሆነ ምንጩን አግኝታችሁታል ማለት ነው። ዜሮ ብትሉኝ ፍሪጁን እንደገና አስስብ ነበር» አሉና ተጨማሪ 1 ወር ሰጡን። ጓደኛዬ ወዲያው ቡና አስፈላ!

በ5ኛው ሳምንት ወጥመዱ ላይ ደቃቅ ግልገሎች ብቻ ታዩ፤ ከተረፈው እንቁላል የወጡ መሆናቸው ነው። ጄሉን አደስን። በ9ኛው ሳምንት ዜሮ ሆነ። ከወር በኋላ ግን ጓዳ ያለው 5ኛው ወጥመድ በድንገት 2 ያዘ። ደብተሩን ወደ ኋላ ብናገላብጥ፣ በዚያው ሳምንት እንቁላል ከነካርቶኑ ጓዳ ገብቶ ኖሯል። አሁን ካርቶን የሚራገፈው ደጅ ነው።