አዝማቹ በአንድ ቋንቋ፣ ስንኙ በሌላ፦ ድብልቅ ዘፈን በግጥሙ ሲፈለግ

ታክሲ ውስጥ አንድ ዘፈን ይሰማል። ስንኙ በአማርኛ ነው፣ አዝማቹ ግን በአፋን ኦሮሞ። ዘፈኑ ሳያልቅ ወራጅ ይባላል። ከዚያ በኋላ አዝማቹ ቀኑን ሙሉ ከአፍ አይጠፋም፣ የዘፋኙ ስምም የዘፈኑ ርዕስም ግን አይታወቅም።

ዘፈኑ እየተሰማ ከሆነ ሻዛም ይበቃል። ሻዛም የሚያነጻጽረው የተቀዳውን ድምፅ ራሱን ስለሆነ ቋንቋው አንድም ሆነ ሦስት ለውጥ የለውም። በዚያው ምክንያት ግን ዘፈኑ ካለፈ በኋላ ራስዎ ቢያንጎራጉሩለት አይረዳዎትም። ጎግል እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በማንጎራጎር መፈለግን ፈቅዷል፤ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ያህል ዜማውን ማሰማት ነው። ለታወቁ የዓለም ዘፈኖች ጥሩ ነው፣ ለእኛ አገር ዘፈኖች ግን ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ሌላ ነገር ነው። ያኔ የሚቀረው ቃሉን ጽፎ መፈለግ ነው፤ ዘፈኑ ሁለት ቋንቋ ሲሆን ደግሞ ይህ የራሱ ዘዴ አለው።

ዋናው ነገር ሁለቱ የዘፈኑ ክፍሎች ጆሮ ላይ እኩል አለመቅረታቸው ነው። አዝማቹ አራት አምስት ጊዜ ስለሚመለስ ይያዛል። ቋንቋውን የማይናገር ሰው የሚይዘው ግን ድምፁን ነው እንጂ ቃሉን አይደለም፤ አንዱ ቃል የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር አያውቅም። ስንኙ በተቃራኒው አንዴ ብቻ ነው የሚሰማው፣ ከእሱም የሚታወሰው ሦስት ወይም አራት ቃል ቢሆን ነው። እነዚያ ጥቂት ቃላት ግን በትክክል የተሰሙ፣ በትክክልም የሚጻፉ ናቸው። ስለዚህ ከአፍ የማይጠፋው አዝማች ሳይሆን ተቆራርጦ የቀረው ስንኝ ነው ብዙ ጊዜ ዘፈኑን የሚያስገኘው።

የአዝማቹ ድክመት ሌላም አለ፦ አዝማች ከዘፈን ወደ ዘፈን ይሻገራል። ለዚህ በጣም ግልጹ ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2010 ደቡብ አፍሪካ ላይ የተካሄደው የዓለም ዋንጫ መዝሙር፣ የሻኪራ «ዋካ ዋካ» ነው። ስንኙ በእንግሊዝኛ ነው፤ ዓለም ሁሉ የዘመረው አዝማች ግን በአብዛኛው እንግሊዝኛ አይደለም፣ ከካሜሩን የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ጎልደን ሳውንድስ የተባለ የካሜሩን ባንድ «ዛንጋሌዋ» በሚል ዘፈን ውስጥ ተጫውቶታል። ሻኪራ ደግሞ ይህንኑ አዝማች ይዛ ስንኙን በስፓኒሽ የተጫወተችበት ቅጂ አላት። ስለዚህ አዝማቹን ብቻ የሚፈልግ ሰው ቢያንስ ሦስት ዘፈን ፊት ይቆማል፣ ሦስቱም ደግሞ «ትክክል» ይመስላሉ። የሚለያቸው ስንኙ ነው። ስንኙ እንግሊዝኛ ከነበረ ሻኪራ ከደቡብ አፍሪካው ባንድ ከፍሬሽሊግራውንድ ጋር የሠራችው ነው፤ ስፓኒሽ ከነበረ የእሷው ሌላ ቅጂ ነው፤ ከሁለቱም ካልነበረና ድምፁም የወንዶች ከሆነ ወደ ካሜሩን መሄድ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት አንድ ዘዴ ይከሽፋል። ጎግል ላይ ከአንድ ቃል ፊት የመቀነስ ምልክት ሲደረግ ያ ቃል ያለበት ገጽ ሁሉ ከውጤቱ ይወጣል። የካሜሩኑን ዘፈን የሚፈልግ ሰው የሻኪራን ስም ማስወጣት ብልህነት ይመስለዋል፦

```
"waka waka" -shakira
```

ግን ስለ «ዛንጋሌዋ» የሚጽፍ ገጽ ሁሉ ማለት ይቻላል ሻኪራን ያነሳል። ስሟን ማስወጣት የሚፈለገውን ገጽ አብሮ ያስወጣል። የሚሻለው መጨመር ነው፦

```
"waka waka" original cameroon
```

ወደ አገራችን ስንመለስ ችግሩ ላይ የአጻጻፍ ችግር ይጨመርበታል። አፋን ኦሮሞ በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል ነው የሚጻፈው። ቁቤ በይፋ ሥራ ላይ የዋለው በ1984 ዓ.ም. ሲሆን የራሱ ጥብቅ ደንብ አለው። ረጅም አናባቢ ሁለት ጊዜ ይጻፋል፣ የሚጠብቅ ተነባቢም እንደዚሁ። አዝማቾች ውስጥ በብዛት የሚገኘውን «ቆንጆዋ» የሚለውን ቃል ውሰዱ። በቁቤ bareedduu ነው። አማርኛ ተናጋሪ ሲሰማው «በሬዱ» ብሎ ይይዘዋል፣ በላቲን ሲጽፈው ደግሞ beredu ወይም baredu ይላል። ሁለት e፣ ሁለት d፣ ሁለት u መኖሩ ለጆሮው አይታወቀውም፤ ለፍለጋው ግን bareedduu እና beredu ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ከዚህ የባሰው ደግሞ ፊደሉ ራሱ የሚለይበት ጊዜ ነው። በቁቤ x «ጥ» ነው፣ c ደግሞ «ጭ» ነው። «ጫላ» ብሎ የሰማ ሰው chala ብሎ ይጽፋል፣ ግጥሙ ላይ ያለው ግን caalaa ነው። «ጢቆ» ብሎ የሰማው tiqo ይላል፣ የተጻፈው xiqqoo ነው። እንዲህ ዓይነቱን ስህተት ጎግል ራሱ ብዙ ጊዜ አያርመውም፤ ጭራሽ ወደ ሌላ ቋንቋ ቃል ሊወስደው ይችላል።

ስለዚህ ከአዝማቹ አንድ ቃል ብቻ መርጦ፣ ያንን ቃል ቋንቋውን ለሚያውቅ ጓደኛ ወይም ጎረቤት አሰምቶ በቁቤ ማስጻፍ ከሁሉም ይሻላል። የሚመረጠውም ቃል በየዘፈኑ የሌለ ቢሆን ይመረጣል። jaalala፣ ማለትም ፍቅር፣ በየዘፈኑ አለ፣ እሱን ይዞ መፈለግ ድካም ነው። የቦታ ስም፣ የወንዝ ስም፣ የሰው ስም ከተሰማ ግን ወርቅ ነው።

የአማርኛውም ክፍል ያለ ችግር አይደለም። ፊደላችን ውስጥ አንድ ድምፅ ያላቸው ፊደሎች በርካታ ናቸው፣ የዘፈን ግጥም የሚለጥፍ ሰው ደግሞ እጁ እንደመጣለት ነው የሚጽፈው። «ዓይኔ» ማለት የፈለገ አንዱ ዓይኔ፣ ሌላው አይኔ፣ ሦስተኛው ዐይኔ ይላል። ፀሐይ ከዚያም በላይ መልክ አላት፦ ጸሐይ፣ ፀሀይ፣ ጸሀይ። ለዚህ ቀላሉ መፍትሔ እንዲህ ያሉትን ቃላት መተው ነው። ከሰማናቸው ቃላት ውስጥ አንድ ዓይነት አጻጻፍ ብቻ ያለውን መምረጥ፤ «ጨረቃ»፣ «መስኮት»፣ «ወንዝ» በሌላ ፊደል የሚጽፋቸው ሰው የለም ማለት ይቻላል።

ሁለቱን ክፍሎች አንድ ላይ ማስገባት ላይ ደግሞ አንድ የተለመደ ስህተት አለ። ሰው የሰማውን በቅደም ተከተል፣ የስንኙን መጨረሻና የአዝማቹን መጀመሪያ አያይዞ በአንድ የጥቅስ ምልክት ውስጥ ያስገባዋል። በጥቅስ ምልክት ውስጥ ያለ ነገር እንዳለ፣ በተከታታይ መገኘት አለበት። ግጥም የሚጽፉ ገጾች ግን ብዙ ጊዜ በስንኙና በአዝማቹ መካከል «አዝማች» ወይም Chorus የሚል ርዕስ ጣል ያደርጋሉ፤ ለሁለተኛ ጊዜ ሲደርሱ ደግሞ አዝማቹን ጨርሶ ላይደግሙት ይችላሉ። ያቺ አንዲት ቃል መሃል በመግባቷ ፍለጋው ባዶ ይቀራል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቃል የራሱ ጥቅስ፦

```
"bareedduu" "ጨረቃ" "መስኮት"
```

ይህን ሦስት ቃል ይዘን እንሂድ። ከአዝማቹ «በሬዱ» የሚመስል፣ ከስንኙ ጨረቃና መስኮት ቀርተውልናል እንበል። መጀመሪያ ሦስቱንም ከላይ እንዳለው እንጽፋለን። ምንም ካልመጣ የሚጣለው የአዝማቹ ቃል ነው፣ ምክንያቱም አጻጻፉ ከሁሉም የሚያጠራጥረው እሱ ነው፤ ደግሞም አማርኛውን የጻፈው ሰው ኦሮምኛውን በግዕዝ ፊደል ጽፎት ሊሆን ይችላል። በሁለቱ አማርኛ ቃላትና «የዘፈን ግጥም» በሚለው እንፈልጋለን። ውጤቱ ብዙ ከሆነ አሁን አዝማቹ ይመለሳል፤ «በሬዱ» በግዕዝ፣ ቀጥሎ baredu፣ ቀጥሎ beredu እያልን አንድ በአንድ እንተካካለን። በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር አይቀየርም፤ ከተቀየረ የትኛው እንደሠራ አይታወቅም።

ዩቲዩብ ላይ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። እዚያ በዋናነት የሚፈለገው ርዕሱና ከሥሩ ያለው መግለጫ ነው፣ ግጥሙ ብዙ ጊዜ አይጻፍም። የዘፈን ርዕስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከአዝማቹ ነው የሚወሰደው። ስለዚህ ጎግል ላይ ደካማ የነበረው አዝማች ዩቲዩብ ላይ ዋናው መፈለጊያ ይሆናል፣ ስንኙ ግን ሥራ ይፈታል። እዚያ ላይ በቁቤ ደንብ መጻፍም ሁልጊዜ አይጠቅምም። አማርኛ ዘፋኝ በኦሮምኛ አዝማች የሰየመውን ዘፈን ቻናሉ በግዕዝም፣ በጆሮ ላቲንም ሊለጥፈው ይችላል፤ የተሳሳተው beredu ትክክለኛ መልስ የሚሆንበት ቦታ ይሄ ነው። አማርኛ ርዕሶችም ያው ናቸው፣ ቆንጆ አንድ ቦታ konjo ሌላ ቦታ qonjo ተብሎ ይገኛል።

የተገኘው ዘፈን ያው መሆኑ የሚረጋገጠው አዝማቹን በመስማት አይደለም፣ በስንኙ ነው። ቪዲዮውን ከፍቶ አዝማቹ እንደደረሰ «አገኘሁት» ማለት ይቀናል። ጨረቃዋና መስኮቱ ያሉበት ስንኝ እስኪመጣ መጠበቅ ግን ያስፈልጋል፤ ካልመጣ ዘፈኑ ያው አይደለም፣ ወይም የሌላ ዘፋኝ ቅጂ ነው። ይህ በተለይ ለሕዝብ ዘፈን እውነት ነው። በባህላዊው አዘፋፈን አውጪው ስንኙን ይሰጣል፣ ተቀባዮች አዝማቹን ይመልሳሉ። አዝማቹ የአካባቢው ሰው ሁሉ ነው፣ ስንኙ የአውጪው። የአንድ አካባቢ የጭፈራ አዝማች ላይ አማርኛ ስንኝ እየጨመሩ የተጫወቱ ዘፋኞች ብዙ ናቸው፣ ሁሉም በአዝማቹ ሲፈለጉ አንድ ላይ ነው የሚመጡት።

የሠርግ ቤት ነገር ከዚህም ይከብዳል። ኪቦርዲስቱ ሳያቆም ከአንዱ ዘፈን ወደ ሌላው ይገባል፣ ዘፋኙም የአንዱን ዘፈን ስንኝ ጨርሶ የሌላውን አዝማች ያስመልሳል። ከሠርግ ቪዲዮ ላይ የተሰማ ስንኝና አዝማች በሁለት ጥቅስ አብረው ተፈልገው ምንም ካላመጡ፣ ለየብቻቸው ተፈልገው ግን ሁለት የተለያዩ ዘፈኖችን ካመጡ፣ የሰሙት አንድ ዘፈን አልነበረም ማለት ነው። ያኔ ስንኙና አዝማቹ እንደ ሁለት ዘፈን ተለይተው ይፈለጋሉ። እዚያው መድረክ ላይ የተገጠመ ስንኝ ከሆነ ደግሞ የትም አልተጻፈም፤ የሚያውቀው የዘፈነው ሰው ነው፣ የእሱንም ስልክ ሙሽሮቹ ይዘውት ይሆናል።