የካሬ ላሜራ ሙቀት በፍርግርግ ሲሰላ

የአንድ ካሬ ላሜራ የላይኛው ጠርዝ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ የቀሩት ሦስት ጠርዞች ደግሞ 0 ዲግሪ ላይ እንዲቆዩ ቢደረግ፣ ሙቀት ከላይ ተነስቶ በብረቱ ውስጥ ወደ ቀዝቃዛዎቹ ጠርዞች ይፈሳል። መጀመሪያ ላይ የየቦታው የሙቀት መጠን ይለዋወጣል። ቆይቶ ግን ወደ እያንዳንዱ ቦታ የሚገባው ሙቀት ከሚወጣው ጋር እኩል ይሆንና ለውጡ ያቆማል። ይህ የረጋ ሁኔታ ይባላል። ላሜራው ስስ ከሆነና ሁለቱ ፊቶቹ ሙቀት እንዳያስወጡ ከተሸፈኑ፣ ፍሰቱ በወርድና በቁመት ብቻ ይሆናል።

ስሌቱ የሚጀምረው ላሜራውን እኩል ክፍተት ባላቸው አግዳሚና ቋሚ መስመሮች በመከፋፈል ነው። የሙቀት መጠኑ የሚፈለገው መስመሮቹ በሚገናኙባቸው ነጥቦች ላይ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ነጥብ አራት ጎረቤቶች አሉት፤ ከአንዱ ጎረቤት የሚመጣው ሙቀት በሁለቱ መካከል ካለው የሙቀት መጠን ልዩነት ጋር ተመጣጣኝ ነው። በረጋ ሁኔታ የአራቱ ፍሰቶች ድምር ዜሮ ስለሚሆን፣ የነጥቡ ዋጋ የአራቱ ጎረቤቶቹ አማካይ ሆኖ ይገኛል። የብረቱ ሙቀት አስተላላፊነት ከእኩልታው ይሰረዛል። ስለዚህ ጠርዞቹ እንደተባለው እስከተያዙ ድረስ ላሜራው መዳብም ይሁን ብረት የየነጥቡ ዲግሪ ያው ነው፤ የሚለያየው በውስጡ የሚያልፈው የሙቀት ብዛት ነው።

እያንዳንዱ ጎን ለሦስት ቢከፈል አራት የውስጥ ነጥቦች ይገኛሉ፤ ከላይ ሀ እና ለ፣ ከሥራቸው ሐ እና መ። እኩልታዎቹም እነዚህ ናቸው፦

ሀ = (100 + 0 + ለ + ሐ) ÷ 4
ለ = (100 + 0 + ሀ + መ) ÷ 4
ሐ = (0 + 0 + ሀ + መ) ÷ 4
መ = (0 + 0 + ለ + ሐ) ÷ 4

ሁሉም 0 ናቸው ተብሎ ይጀመርና አዲስ የተገኘው ዋጋ ወዲያውኑ ለሚቀጥለው ነጥብ ያገለግላል። በመጀመሪያው ዙር ሀ 25፣ ለ 31.25፣ ሐ 6.25፣ መ 9.38 ይሆናሉ። በሁለተኛው ዙር 34.38፣ 35.94፣ 10.94 እና 11.72 ይደርሳሉ። ዙሩ ሲደጋገም የላይኞቹ 37.5፣ የታችኞቹ 12.5 ላይ ይረጋሉ። ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ የሚቀረው ስህተት በየዙሩ ወደ ሩብ ይወርዳል።

ውጤቱን መፈተሻ ቀላል መንገድ አለ። አራቱም ጠርዞች 100 ቢሆኑ ላሜራው በሙሉ 100 ይሆን ነበር። ስለዚህ የአንድ ጠርዝ ብቻ ሙቀት በአራቱ ነጥቦች ላይ የሚሰጠው ድምር 100 መሆን አለበት፤ 37.5፣ 37.5፣ 12.5 እና 12.5 ሲደመሩም 100 ናቸው።

ይሁን እንጂ በትንታኔ የሚገኘው ትክክለኛ ዋጋ ለላይኞቹ 38.07፣ ለታችኞቹ 11.93 ነው። ዙሩ ምንም ያህል ቢደጋገም ይህ ልዩነት አይጠፋም። ምንጩ የዙሩ ማነስ ሳይሆን የፍርግርጉ ስፋት ነው፤ የሚቀንሰውም ክፍተቱ ሲጠብ ነው።

ፍርግርጉ ሲጠብ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። ጎኑ ለ30 ሲከፈል ነጥቦቹ 841 ይሆናሉ፤ በእያንዳንዱ ዙር የሚወገደው ስህተትም 1.1 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ስህተቱን ወደ አሥረኛ እጅ ለማውረድ 210 ያህል ዙር ያስፈልጋል። በዚህ ጊዜ በአንድ ዙር የታየው ለውጥ 0.01 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ ስሌቱ አልቋል ብሎ ማቆም ያሳስታል። ለውጡ ያነሰው መልሱ ስለተደረሰበት ሳይሆን ጉዞው ስለተንቀራፈፈ ሊሆን ይችላል፤ ቀሪው ስህተት ገና 0.9 ዲግሪ አካባቢ ነው።

እንግሊዛዊው መሐንዲስ ሪቻርድ ሳውዝዌል በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባስፋፋው የማላላት ዘዴ፣ በእጅ የሚያሰላው ሰው ከአማካዩ እጅግ የራቀውን ነጥብ እየመረጠ ያስተካክል ነበር። ለኮምፒውተር ግን ያንን ነጥብ መፈለጉ ራሱ ሥራ ስለሆነ፣ ሁሉንም በተራ ማዳረሱ ይቀለዋል። በ1950 ዴቪድ ያንግና ስታንሊ ፍራንክል፣ በየተራው ነጥቡን እስከ አማካዩ ብቻ ሳይሆን ከዚያም አሳልፎ መግፋት ምን ያህል እንደሚያፈጥን አሳዩ። አዲሱ ዋጋ የሚገኘው አማካዩ ከቀድሞው ዋጋ ጋር ያለውን ልዩነት በአንድ ቁጥር አባዝቶ በቀድሞው ላይ በመደመር ነው። ቁጥሩ 1 ሲሆን ተራው አማካይ ይመለሳል። ለ30 ክፍሉ ፍርግርግ የሚሻለው 1.81 ሲሆን፣ 210 ዙር ይፈልግ የነበረው ሥራ በ11 ዙር አካባቢ ያልቃል። ቁጥሩ 2 ከደረሰ ግን ስሌቱ አይረጋም፤ ከ2 ካለፈም ዋጋዎቹ እየተወዛወዙ ያለገደብ ያድጋሉ።

ማንኛውም መልስ ከመታመኑ በፊት ሁለት ፈተናዎችን ማለፍ ይኖርበታል። አንደኛው እያንዳንዱ ነጥብ በእርግጥ የጎረቤቶቹ አማካይ መሆኑን ማየት ነው። ሁለተኛው ክፍተቱን በግማሽ አጥቦ እንደገና ማስላትና ውጤቶቹን ማነጻጸር ነው። 100 እና 0 ዲግሪ የሚገናኙባቸው ሁለቱ የላይኛ ማዕዘኖች ግን ሁለተኛውን ፈተና አያልፉም፤ በዚያ ያለው የሙቀት ፍሰት ፍርግርጉ በጠበበ ቁጥር ይጨምራል እንጂ አይረጋም።